ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትሆኛለሽ? ዕቅዱ ላልቆረጠለት ሰው የሚሆን እውነተኛ መልስ

አንድ የግል ባንክ ጀማሪ ሠራተኞችን ለመቅጠር ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ ጠረጴዛው ማዶ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ከሰው ሀብት ክፍል ነው፤ ሌላው ቅርንጫፎችን ከሚያስተዳድረው ክፍል ይመጣል። ስለ ራስሽ ንገሪን፣ ባንክን ለምን መረጥሽ፣ የተቆጣ ደንበኛ ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ የሚሉት ጥያቄዎች አልፈው አመልካቿ «እንግዲህ ተገላገልኩ» ስትል ያ የተለመደው ጥያቄ ይመጣል። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታይዋለሽ?»

እዚህ ላይ በአብዛኛው የሚሰማው ከሁለት መልሶች አንዱ ነው። አንደኛው የተሸመደደ ነው። «የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ» ይላል፤ ደፈር ያለው ደግሞ «እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ» ብሎ ጠያቂውን ፈገግ ያሰኛል። ሌላው መልስ ማፈግፈግ ነው። «ነገን ማን ያውቃል? እግዚአብሔር እንደፈቀደ።» ነገን ለፈጣሪ መስጠት ባህላችንም እምነታችንም ስለሆነ ማንም አይቀየምበትም። ይሁን እንጂ ጠያቂው በነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ የሚጽፈው ነገር አያገኝም። የመጀመሪያው አመልካች ያላመነበትን ተናገረ፤ ሁለተኛው የሚያውቀውን እንኳ ሳይናገር ወጣ። እኔ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ስቀመጥ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሁለተኛው ነው። ይህ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሱ ብዙ የሚያውቅ፣ ግን «እርግጠኛ ካልሆንኩ መናገር የለብኝም» ብሎ ዝም ያለ ሰው ነው።

ዕቅዱ ገና ያልለየለት ሰው እውነቱን ተናግሮ ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ግን ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ፣ ከዚያም በራስ ጉዳይ ውስጥ የታወቀውን ካልታወቀው መለየት ያስፈልጋል።

ከጠያቂው ወገን እንጀምር። ባንክ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር ወዲያው መስኮት ላይ አያስቀምጠውም። ሥልጠና ይሰጠዋል፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱን ያስተምረዋል፣ ገንዘብ ቆጥሮ እስኪያስረክብ ድረስ ልምድ ያለው ሠራተኛ አጠገቡ ያቆማል። ልጁ ሥራውን በወጉ ሲይዝ፣ ማለትም ባንኩ ያወጣበትን መመለስ ሲጀምር፣ መልቀቂያ ካስገባ ድካሙ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ የኮሚቴው የመጀመሪያ ስጋት «ይህች ልጅ ሥራውን ከለመደች በኋላ ትቆያለች ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያመለከተችው ሥራ ከምትሄድበት ጋር ይገናኛል ወይስ ሌላ እስክታገኝ ነው?» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው፤ በዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚያድግ ታውቃለች ወይ? በሁለት ዓመት ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ የሚል ልጅ ትልቅ ሕልም አለው ተብሎ አይመዘገብለትም። ባንክ ቤት ደንበኛ አገልግሎት፣ ሲኒየርነት፣ ሱፐርቫይዘርነት የሚባሉ ደረጃዎች እንዳሉ አላጣራም ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል።

ከሦስቱ አንዱም ትንቢት አይጠይቅም። ጠያቂዎቹ ራሳቸው አምስት ዓመት ወደፊት አያዩም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ለባንክ ሥራ ቃለ መጠይቅ የተቀመጠ አንድ ወጣት እናስብ። ቴሌብር ገና የለም፤ ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ሳፋሪኮም አገር ውስጥ አልገባም፤ አገልግሎቱን በይፋ ያስጀመረው በመስከረም 2015 ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው በሐምሌ 2016 ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በምክር ቤት የጸደቀው ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ነው። ወጣቱ በ2012 «በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ ይሆናል፣ እኔም በዲጂታል ባንኪንግ ክፍል እሠራለሁ» ቢል ኖሮ ኮሚቴው ሕልመኛ ይለው ነበር። ዛሬ እንዲህ ባለ ክፍል የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ግን በዚያን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ሲጠየቁ የነበሩ ናቸው።

የማናውቀው አገሩ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ አይደለም፤ እኛ ራሳችንም እንለወጣለን። ጆርዲ ኮይድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 የሆነ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ስለ ጠባያቸው፣ ስለሚወዱትና ስለሚያከብሩት ነገር ጠየቁ። በየዕድሜው ያሉት ሰዎች ባለፉት አሥር ዓመታት ብዙ እንደተለወጡ ተናገሩ፤ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ግን ብዙም አንለወጥም አሉ። የሃያ ዓመቱም፣ የሃምሳ ዓመቱም የተሳሳቱት በዚሁ ነው። እንግዲህ ዛሬ በልበ ሙሉነት «የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ» የሚለው ልጅ ከሌላው ይልቅ ራሱን ያውቃል ማለት አይደለም። አሁን የሚወደው ነገር ሁሌም የሚቆይ መስሎት ይሆናል።

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ እንግባ። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቃ በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት በጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛነት የሠራች ልጅ አለች እንበል። አሁን ለባንክ አመልክታለች። ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ሲል የልቧን ብንጠይቃት የምትነግረን እንዲህ ያለ ነው። ብድር ክፍል ብትገባ ደስ ይላታል፤ ግን ኦዲትም ይስባታል። ማስተርስ መማር ትፈልጋለች፤ በማታ እዚሁ ይሁን ወይስ ውጭ አገር ዕድል ትፈልግ አልወሰነችም። ታላቅ እኅቷ አሜሪካ ናት፤ ዲቪ ሞልታ ታውቃለች። እጮኛዋ ሥራው አዳማ ነው፤ ከተጋቡ የት እንደሚኖሩ ገና አልተነጋገሩም። እናቷ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ርቃ መሄድ ያሳስባታል።

ይህች ልጅ «ምንም ዕቅድ የለኝም» ብላ ታስባለች። እንደ እውነቱ ግን የተቀላቀለባት ነገር ነው እንጂ ዕቅድ አላጣችም። ከላይ የዘረዘረችውን ለየት ለየት አድርገን ብናስቀምጠው፣ ትዳሩ፣ እናቷና ዲቪው የቤቷ ጉዳይ ናቸው። ብድር፣ ኦዲትና ማስተርስ የሥራዋ ጉዳይ ናቸው። ጥያቄው የተጠየቀው በሥራ ቦታ ስለሆነ መልሱም ከሁለተኛው ወገን ይወሰዳል። እንዲህ ማድረግ እውነትን መሸሸግ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሄደን ስለ ቤት ኪራይ እንደማናወራ ያለ ነገር ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ከሥራ ጉዳዮቿ ውስጥ በእርግጥ የምታውቀው የቱን ነው? እዚህ ላይ «ምን መሆን እፈልጋለሁ?» ብላ ራሷን ብትጠይቅ ተመልሳ ጭጋግ ውስጥ ትገባለች። የሚጠቅማት ጥያቄ ያለፈውን የሚመለከት ነው፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት የሠራሁት የትኛውን ሥራ ስሠራ ነው ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ያለፈው? አሰበችና አንድ ነገር ትዝ አላት። ድርጅቱ የኦቨርድራፍት ብድር ሲጠይቅ የሒሳብ ሰነዱን ያዘጋጀችው እሷ ነበረች። የባንኩ ሰው መጥቶ ከእሷ ጋር ወደ መጋዘን ገባ። በመዝገብ ላይ ያለውን የዕቃ መጠን ከመደርደሪያው ጋር አስተያየ፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሸጠ ዕቃ ለይቶ ጻፈ፤ ከዚያም «ትርፍ አላችሁ፤ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ግን ለምን አነሰ?» ብሎ ጠየቃት። ሒሳቡ ላይ ትርፍ እያለ ኪሱ ባዶ የሆነው ገንዘቡ ደንበኞች ዘንድ በዱቤና በመጋዘን ውስጥ ስለተያዘ መሆኑን ያን ቀን በዓይኗ አየች። ማታ ቤቷ ገብታ ሒሳቡን እንደገና ሠራችው፤ ማንም አላዘዛትም።

ይህ ማስረጃ ነው። አምስት ዓመት ወደፊት ስለሚሆነው የሚናገር ባይሆንም አቅጣጫዋን ያሳያል፤ የድርጅቶችን ሒሳብ አንብባ ጤንነታቸውን መመርመር ትወዳለች። ብድር ትንተናም ኦዲትም ከዚሁ አንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል መወላወሏ ድክመት አይሆንም፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ ያሉ መታጠፊያዎች ናቸው።

አሁን መልሱን እንዲህ ልትለው ትችላለች።

«አምስተኛው ዓመት ላይ የትኛው የሥራ መደብ ላይ እንደምሆን ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። የምሄድበትን አቅጣጫ ግን አውቀዋለሁ። የድርጅቶችን ሒሳብ መርምሬ ያሉበትን ሁኔታ መለየት የምወደው ሥራ ነው፤ ይህን ያወቅኩት አስመጪ ድርጅት ውስጥ እያለሁ ለኦቨርድራፍት የሚቀርበውን ሰነድ ሳዘጋጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቅርንጫፍ ላይ ሆኜ የገንዘብ አያያዙን፣ የሒሳብ አከፋፈቱንና የደንበኛውን ጠባይ በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ይህን ሳያውቁ ብድር መተንተን ይከብዳል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ይታየኛል፤ ብድር ትንተና ወይም የውስጥ ኦዲት። አሁን ወደ ብድሩ አደላለሁ። ሁለቱንም ሥራ በቅርብ ካየሁ በኋላ ነው የምወስነው።»

ሲነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ውስጡ ግን ብዙ ነገር አለ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነቱን ሳይንተባተብ ይናገራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው «አላውቅም» ብቻ ብላ እንዳትቀር ያደርጓታል፤ ኦቨርድራፍቱ ደግሞ የተሸመደደ ሰው ሊያመጣው የማይችል ማስረጃ ነው። የሁለት ዓመቱ ክፍል የኮሚቴውን ዋና ስጋት ይመልሳል፤ ባንኩ ያወጣባትን የሚመልስበት ጊዜ ያ ነውና። እዚህ ላይ የሁለት ዓመቱ ሐሳብ ከልቧ መሆን አለበት። ቅርንጫፍ ላይ መቀመጥ የማትፈልግ ከሆነ ይህን መናገር የለባትም፤ ምናልባትም ለዚህ ቦታ ማመልከት አልነበረባትም። መታጠፊያውን ስትጠቅስ ደግሞ በምን እንደምትወስን አብራ ተናገረች። ይህ ወሳኝ ነው። «ወይ ብድር ወይ ኦዲት፣ አላውቅም» የሚል ሰውና «ሁለቱን በቅርብ አይቼ እወስናለሁ» የሚል ሰው እኩል እርግጠኛ ያልሆኑ ቢሆኑም፣ ሁለተኛው ውሳኔውን እንዴት እንደሚያደርግ ያውቃል።

መልሱ ከልብ የመጣ መሆኑ የሚታወቀው በተከታዩ ጥያቄ ነው። ልምድ ያለው ጠያቂ መልሱን ሰምቶ ዝም አይልም። «ብድር ትንተና ሲባል ምን ምን የሚሠራ ይመስልሻል?» ይላታል። ልጅቷ የድርጅቱን የሒሳብ መግለጫ፣ የገንዘብ ፍሰቱን፣ ከዚህ በፊት ብድር ተበድሮ በአግባቡ መክፈሉን፣ መያዣውም በባንኩ መሐንዲሶች መገመቱን ብትጠቅስ በቂ ነው። ምንም መናገር ካልቻለች ግን ያ ሁሉ የተዋበ መልስ ከአንድ ሰው የተቀዳ ይመስላል። ሌላው ተከታይ ጥያቄ «ሁለቱም ክፍል ቦታ ባይኖርስ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደንግጦ «ችግር የለም፣ የትም ብትመድቡኝ እሠራለሁ» ይላል። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ግን አሁን የተናገረችውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ይልቅ «ቅርንጫፍ ላይም ለነጋዴ ደንበኞች የሚሰጠው አገልግሎት ከዚሁ ጋር ይቀራረባል፤ በዚያ በኩል ማደግ እችላለሁ፤ ቦታ እስኪገኝ ግን መጠየቄን አልተውም» ብትል ያው ሰው እንደሆነች ይታወቃል።

መልስን ለብቻ መፈተሽ የሚፈልግ ሰው አንድ ቀላል ዘዴ አለው። ያዘጋጀውን መልስ ወስዶ የባንኩን ስም በአየር መንገድ ወይም በቢራ ፋብሪካ ስም ቢተካው አሁንም ያስኬዳል? ካስኬደ መልሱ ገና አልተሠራም። «በሙያዬ አድጌ፣ ለድርጅቱ አስተዋጽኦ አድርጌ፣ ኃላፊነት ተረክቤ» የሚለው የትም ይገባል፤ ስለዚህ የትም አያስገባም። በእንግሊዝኛ ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ደግሞ ይህን ችግር ሁለት እጥፍ ያደርጉታል። አስቀድመው በአማርኛ ሳያስቡበት ከሌላ ሰው የተቀበሉትን ዓረፍተ ነገር ያጠናሉ፤ ቃሉ ሲጠፋባቸው ሐሳቡም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ለእናትህ ወይም ለጓደኛህ በምታወራበት አማርኛ ንገረው፤ ከዚያ ወደ ሌላው ቋንቋ መውሰዱ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንሂድ። ዲቪው ምን ይሁን? እኅቷስ? ከሥራ ጉዳይ ውጭ ነው ብለን ለይተናቸዋል፤ ጠያቂው ግን በቀጥታ ሊያነሳው ይችላል። «ከአገር የመውጣት ሐሳብ አለሽ?» እንዲህ ሲጠየቅ ብዙ ወጣት ያለማመንታት «በፍጹም» ይላል። ያልተጠየቀውን አለመናገርና የተጠየቀውን መካድ አንድ አይደሉም፤ «በፍጹም» ማለት ውሸት ነው። ደግሞም አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ተስፋን ከዕቅድ መለየት ይጠቅማል። ዕጣ መሙላት ተስፋ ነው፤ በየዓመቱ ብዙ ሰው ይሞላል፣ አብዛኛው አይደርሰውም፣ ሕይወቱም ሥራውም በዚያው ይቀጥላል። ቀን የተቆረጠለት፣ ገንዘብ የተከፈለበት ወይም ሰነድ በእጅ የገባበት ነገር ግን ዕቅድ ነው። ልጅቷ ያላት ተስፋ ብቻ ከሆነ «እንደ ብዙ ሰው ዲቪ ሞልቻለሁ፤ ዛሬ በእጄ ያለ ቪዛም ሆነ የተያዘ ቀጠሮ የለኝም። ሥራዬን የማቅደው እዚህ እንደምኖር ቆጥሬ ነው» ብትል እውነቱን ተናግራለች። ኮሚቴውም ሰው ነው፤ ምናልባት ከጠያቂዎቹ አንዱ ራሱ ሞልቶ ያውቃል። ቪዛው ወጥቶ፣ ትኬቱ ተቆርጦ ከሦስት ወር በኋላ የምትሄድ ከሆነ ግን ምንም ዓይነት ቆንጆ አነጋገር አያድናትም። ሥልጠና የሚሰጥበትን ቋሚ ሥራ ትታ አጭር የኮንትራት ሥራ ብትፈልግ ለሁሉም ይሻላል።

ጋብቻና ልጅ መውለድን የሚመለከተው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ሴት አመልካቾችን «መቼ ልታገቢ ነው? ልጅ መውለድስ?» ብሎ መጠየቅ እስካሁን አልጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቶችን በፆታቸው ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድም ይሰጣል። እንዲህ ስትጠየቅ ልጅቷ የቤቷን ሁኔታ የመግለጽ ግዴታ ያለባት አይመስለኝም። «የቤቴ ሁኔታ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ሰዓትና ቦታ አይከለክለኝም» ብላ ወደ ሥራው ብትመለስ ጨዋም እውነተኛም መልስ ነው። ይህንንም የምትለው እውነት ከሆነ ብቻ ነው፤ ወደ ክፍለ ሀገር መዛወር የማትችል ከሆነ ይህን አሁን መናገሩ ይሻላል፤ ምደባ ከወጣ በኋላ ከማልቀስ።

ብዙ ወጣቶች ደግሞ የሚፈሩት አንድ ነገር አለ። «አምስት ዓመት እቆያለሁ ብዬ ብወጣስ?» ቃለ መጠይቅ ላይ የተሰጠ መልስ ውል አይደለም። በዚሁ አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ስለ አቅጣጫህ የተናገርከው ነገር ዛሬ እውነት ከሆነ ይበቃል፤ ነገ ሐሳብህ ቢለወጥ ውሸታም አያደርግህም።

ልዩ የሚሆነው የግዴታ ውል ሲመጣ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሥልጠና ከሰጠ በኋላ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ፣ ካልሆነ የሥልጠናውን ወጪ እመልሳለሁ የሚል ወረቀት ያስፈርማል፤ ብዙ ባንኮች ደግሞ ዋስ ይጠይቃሉ። አሁን የሚጠየቀው ስለ ተስፋህ የተናገርከው ሳይሆን ፊርማህ ነው። ዕቅዱ ያልለየለት ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ዓመቱ ስንት ነው፣ የሚመለሰው ገንዘብ ስንት ነው፣ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው? ዋሱ የፈረመው ለምን ለምን እንደሆነም ወረቀቱን ራሱ አንብቦ ይወቅ። ዋስ የሚሆነን ብዙውን ጊዜ አጎታችን ወይም የአባታችን ጓደኛ ነው፤ እኛ ስንወጣ ደብዳቤው የሚደርሰው እሳቸው ዘንድ ሊሆን ይችላል። ለኮሚቴው ከምትናገረው እውነት በላይ ለዋስህ የምትናገረው እውነት ይከብዳል፤ የውጭ ዕድል እየጠበቅክ ከሆነ እሳቸው ይወቁት፣ ካወቁ በኋላ ይፈርሙ።

እውነተኛው መልስ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብዬ አልዋሽም። «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ቃል ሲሰሙ ወዲያው የሚደነግጡ ጠያቂዎች አሉ፤ የሚፈልጉት ቁርጥ ያለ፣ ጮክ ያለ መልስ ነው። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ፊት ከሆንክ ያንኑ እውነት በቅደም ተከተል ብቻ ለውጠው። አቅጣጫውንና ሁለቱን ዓመት አስቀድም፤ «የመጨረሻው መደብ የትኛው እንደሚሆን ሥራው ውስጥ ሆኜ እወስናለሁ» የሚለውን ወደ መጨረሻ ውሰደው። ቃሉ ያው ነው፣ ውሸት አልገባበትም፤ የጠያቂው ጆሮ ግን መጀመሪያ የሰማውን ይይዛል።

ይሉኝታም እንቅፋት ይሆናል። ከታላላቆች ፊት ስለ ራስ ዕድገት መናገር እንደ ትዕቢት ተቆጥሮብን ያደግን ብዙዎች ነን፤ ስለዚህ የምናውቀውን ፍላጎታችንን እንኳ «እንግዲህ ከተገኘ...» እያልን እናሳንሰዋለን። ኮሚቴው ይህን ትሕትና ነው ብሎ ሳይሆን አላሰበበትም ብሎ ይመዘግባል። ወደ ብድር ክፍል ማደግ እፈልጋለሁ ማለት የሥራ መረጃ ነው፤ ማንንም አያሳንስም።

በመጨረሻም ዕድሉ ሲሰጣችሁ ጥያቄውን መልሱላቸው፤ በአክብሮት። «የምንጠይቀው ጨርሰናል፣ አንቺ የምትጠይቂን አለ?» ሲባል «በዚህ መደብ ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት የገቡ ሠራተኞች ዛሬ በየትኛው ክፍል ነው ያሉት?» በሉ። ጥሩ አሠሪ «ሁለቱ ብድር ክፍል ናቸው፣ አንዷ የቅርንጫፍ ሱፐርቫይዘር ሆናለች፣ አንዱ ወጥቷል» ብሎ ይነግራችኋል። የሚመልስ ሰው ከጠፋ፣ የእናንተን አምስት ዓመት ከመወሰናችሁ በፊት ስለዚያ ቤት የቀድሞ ሠራተኞችን ጠይቁ።